ዛፍ ወይም ግንብ ላይ ያረፈ የንብ መንጋ፦ ለምን ይመጣል? መቼስ ይነሳ?

ሐዋሳ ላይ ክረምቱ ወጥቶ አበባው ሲፈካ፣ ከዋርካ ቅርንጫፍ ወይም ከግቢ አጥር ላይ የንብ መንጋ ተንጠልጥሎ ሊታይ ይችላል። ሰዉ ይደነግጣል። ጎማ የሚያቃጥል፣ ድንጋይ የሚወረውርም አይጠፋም። ከዚህ የባሰ ነገር የለም፤ ዝም ብለው ያረፉትን ንቦች የሚያስቆጣቸው እሱ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከቀፎ ነው። አበባ ሲበዛ ንቡም ይበዛል፣ ቤቱ ይጠብባል። ሠራተኞቹ አዲስ ንግሥት ማሳደግ ይጀምራሉ። የአዲሷ ንግሥት ክፍል በሰም ሲደፈን፣ አሮጊቷ ንግሥት ብዙውን ሠራተኛ አስከትላ ትወጣለች። ብዙም ሳይርቁ ያርፉና አሳሾቻቸው ቤት ፍለጋ ይበተናሉ። ጉድጓድ ያገኘች አሳሽ ተመልሳ በክምችቱ ላይ እየጨፈረች አቅጣጫውን ትጠቁማለች። ስምምነት እስኪደረስ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ጥቂት ቀናት ይወስዳል።

እንዲህ ያለ መንጋ ብዙ ጊዜ ገራም ነው። ሆዱ ማር ጠግቧል፣ የሚጠብቀውም እጭ የለም። ግን ሁሉም እንዲህ አይደለም። ጉንዳን ወይም ረሃብ ያባረረው መንጋ፣ እንዲሁም ዝናብ ላይ የሰነበተ፣ ቶሎ ይቆጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ከራቅ ብሎ ማየት ነው። ከንቦቹ ሥር ነጭ የሰም እንጀራ ከታየ እዚያው መኖር ጀምረዋል ማለት ነው፤ ይከላከላሉም።

አንድ መንጋ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ አጥር ተጠግቶ በወጣ ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ አረፈ እንበል። ሰው ከማይበዛበት ቦታ ከሆነ አናቢው አይቸኩልም። ቀፎውን ውስጡን በጠጅ ሳር ያሸዋል፤ ሽታው ንቦች እርስ በርስ ከሚጠራሩበት ሽታ ጋር ስለሚቀራረብ ይስባቸዋል። አመሻሹ ላይ ልብሱን ለብሶ ንቦቹን በስሱ ውሃ ይረጫል። ቀፎውን ከሥር ይደግንና ቅርንጫፉን አንዴ ጠንከር አድርጎ ይነቀንቃል። ከዚያ በሩን ያያል። ንቦች ጭራቸውን አንስተው ክንፋቸውን እያራገቡ ሌሎቹን ከጠሩ፣ ንግሥቷ ገብታለች። ተመልሰው ቅርንጫፉ ላይ ከተከማቹ ግን ውጭ ቀርታለች፤ እንደገና መሞከር ነው።

ቦታው ትምህርት ቤት ወይም ታክሲ ተራ አጠገብ ከሆነ እስከ ማታ መጠበቅ አያዋጣም። በቀን ወደ ቀፎ ያስገባቸውና አካባቢውን አስከልሎ ቀፎውን እዚያው እስኪጨልም ይተወዋል። በቀን ይዞ ቢሄድ፣ ለአሰሳ የወጡት ተመልሰው ባዶው ቅርንጫፍ ላይ ይሰፍራሉ። ሲጨልም በሩን አየር በሚያስገባ ነገር ይዘጋና ይወስዳቸዋል። መንጋው የድሮ ቤቱን ስለተወ አዲሱ ቦታ ቢቀርብም ችግር የለም። ከሌላ ጤነኛ ቀፎ እጭ ያለበት እንጀራ ከተሰጠው ጥሎ የመሄድ ዕድሉ ይቀንሳል።

ግንብ ውስጥ ገብቶ እንጀራ የሠራ ግን በመነቅነቅ አይወጣም። ግንቡ ተከፍቶ ከነእንጀራው መውጣት አለበት፤ ይሄ ልምድ ያለው አናቢ ሥራ ነው። ቀዳዳውን ከነንቡ መድፈን ደግሞ መዘዝ አለው። ንቡ ወደ ቤት የሚያስገባ ሌላ ስንጥቅ ሊያገኝ ይችላል፣ ጠባቂ ያጣው ማርም ግድግዳው ላይ ይወርዳል።