የኤሌክትሪክ አጥር ኢነርጃይዘር፦ በአንድ ምት ስንት ጁል፣ በአማካይ ስንት ዋት

በአዲስ አበባ በግንብ አጥር ላይ የተዘረጋውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቃል። ሰው ይገድላል ወይ? ቆጣሪ ያስሮጣል ወይ? የሁለቱም መልስ ያለው ኢነርጃይዘር በሚባለው ሳጥን ውስጥ ነው።

ኢነርጃይዘር ኤሌክትሪክን ወደ ሽቦው ያለማቋረጥ አይለቅም። ከአንድ ሰከንድ በላይ ትንሽ እየጠበቀ አንድ አጭር ምት ይልካል። በምቶቹ መሃል ሽቦው ላይ ምንም የለም ማለት ይቻላል። በዚያ እረፍት ውስጥ ሳጥኑ ካፓሲተር እየሞላ ነው። ካፓሲተሩ ሲሞላ ታይሪስተር የተባለው ማብሪያ ይከፍትለታል፣ ያጠራቀመውም በአንዴ ወደ ትራንስፎርመር ይፈሳል። ትራንስፎርመሩ ጥቂት መቶ ቮልቱን ወደ 7 ወይም 8 ሺህ ቮልት ያሳድገዋል።

የምቱ ጉልበት የሚለካው በጁል ነው። አንድ ኪሎ ስኳር 10 ሳንቲሜትር ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ጉልበት አንድ ጁል ገደማ ነው። ትንሽ ነው። ነገር ግን ይህ አንድ ጁል በ0.2 ሚሊሰከንድ ውስጥ ሲወጣ፣ በዚያች ቅጽበት ያለው ኃይል 5 ኪሎዋት ይደርሳል። የሚያስደነግጠው ይሄ ነው።

ዕቃ ስትገዙ መጠንቀቅ ያለባችሁ እዚህ ጋ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ጁል የተጠራቀመው ነው ወይስ ወደ አጥሩ የሚወጣው? 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር እስከ 530 ቮልት ቢሞላ እንዲህ ይሆናል፦

E = ½ × C × V² = ½ × 0.00001 × 530² ≈ 1.4 J

ከዚህ ውስጥ የተወሰነው ትራንስፎርመሩ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አጥሩ ላይ የሚደርሰው 1 ጁል ቢሆን ደህና ነው። ሻጭ ግን ትልቁን ቁጥር መጥራት ይወዳል።

አማካይ ኃይሉን ለማግኘት የተጠራቀመውን ጁል በምቶቹ መሃል ላለው ጊዜ ማካፈል ነው። ሳጥናችን በየ1.2 ሰከንዱ ቢመታ፣ 1.4 ለ1.2 ሲካፈል 1.2 ዋት ገደማ ይመጣል። ካፓሲተሩን የሚሞላው ክፍል ራሱ ያባክናልና 1.8 ዋት እንበል። ለመቆጣጠሪያ ቦርዱና ለጠቋሚ መብራቶቹ 0.6 ዋት ስንጨምር 2.4 ዋት ይሆናል። በ12 ቮልት ባትሪ 0.2 አምፔር ማለት ነው።

መብራት ሲጠፋ ይህ ቁጥር ጠቃሚ ነው። ብዙ ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በወረቀት ላይ 35 ሰዓት ያቆየዋል። ባትሪውን እስከ መጨረሻው ማራቆት ግን ዕድሜውን ያሳጥራል። ግማሹን ብቻ ብንቆጥር 17 ሰዓት ገደማ እናገኛለን፣ ላረጀ ባትሪ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የቆጣሪው ጉዳይ የሚያሳስብ አይደለም። ከግድግዳው የሚወስደው ከነብክነቱ 5 ዋት ቢሆን እንኳ በወር 3.6 ኪሎዋት-ሰዓት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሌላ ቦታ ነው። ሣር ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ ሽቦውን ከነካ ፍጆታው የሚጨምር ይመስለዋል። በቀላሎቹ ሳጥኖች እንደዚያ አይደለም። ካፓሲተሩ በየምቱ የሚሞላው እኩል ስለሆነ ከባትሪው የሚወጣውም ያው ነው። የሚለወጠው አጥሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ነው። ቅጠሉ ጉልበቱን ወደ መሬት ይስበዋል፣ 8 ሺህ የነበረው 3 ሺህ ሊወርድ ይችላል። ሳጥኑ ግን እንደ ወትሮው ጠቅ ጠቅ ማለቱን አያቆምም። ስለዚህ ድምፁን ሰምቶ "አጥሩ ይሠራል" ማለት አይበቃም፤ ለአጥር በተሠራ ቴስተር፣ ከሳጥኑ በጣም የራቀው ጫፍ ላይ መለካት ነው። ተራ መልቲሜትር እዚያ አታስጠጉ፣ ይቃጠላል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ዓለም አቀፉ መስፈርት IEC 60335-2-76 በ500 ኦም ላይ የሚወጣውን ምት በ5 ጁል ይገድባል። ምቱ ከ10 ሚሊሰከንድ እንዳይረዝም፣ በሰከንድም ከአንድ እንዳይበልጥ ያዛል። የሚያድነው ከጁሉ ማነስ ጋር ያ እረፍት ነው፤ ጡንቻ ይላቀቃል፣ ሰውየው እጁን ይነጥቃል። ሽቦ ውስጥ ተጠላልፎ መውጣት ላልቻለ ሰው ወይም እንስሳ ግን ምቱ ይደጋገማልና አደጋው አለ።

ሳጥኑን ትቶ 220 ቮልቱን በቀጥታ ሽቦው ላይ የሚያገናኝ ሰው አለ። ይሄ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው፣ ይገድላል። እረፍት የለውም፣ የያዘ እጅ አይለቅም። ተራው ብሬከርም አያድንም፤ 1,000 ኦም ገደማ በሆነ ሰውነት ውስጥ የሚያልፈው 0.22 አምፔር ሲሆን የ10 አምፔር ብሬከር ለዚህ አይወርድም።