"መጓዝ አይችልም ብለው ይጻፉልኝ"፦ ስለ ሐኪም ወረቀት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

"ዶክተር፣ መሥሪያ ቤቴ ፊልድ ሊልከኝ ነው። ወገቤን ደግሞ እያመመኝ ነው። 'መጓዝ አይችልም' ብለው ብቻ ይጻፉልኝ፤ ሌላ ነገር አያስፈልግም።"

ያስፈልጋል። ይህን ጥያቄ ስሰማ የምናደደው ሰዎቹ ስለሚዋሹ አይደለም። አብዛኞቹ እውነትም ታመዋል። የሚያናድደኝ የታመመ ሰው የሚጎዳውን ወረቀት ራሱ ለምኖ ይዞ መሄዱ ነው።

እንዲህ ያለ አንድ መስመር ለሰው ኃይል ክፍሉ ምንም አይነግረውም። በመኪና ነው በአውሮፕላን? ለሳምንት ነው ለዓመት? ቢሮ ቁጭ ብሎ መሥራትስ? መልሱ ካልተጻፈ ኃላፊው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ "የተገዛ ወረቀት ነው" ብሎ ይጠረጥራል፣ ወይ ቃል በቃል ይወስደዋል። ሁለተኛው ይብሳል።

አንድ ታካሚዬን ላንሳ። የሒሳብ ባለሙያ ነው። ጂንካ ሄዶ የፕሮጀክት ሰነድ እንዲያጣራ ተመደበ። ሕመሙ ከወገቡ ተነስቶ፣ በግራ መቀመጫው አድርጎ እስከ እግሩ ጣት ይወርዳል። በጀርባው አስተኝቼ፣ ጉልበቱ ሳይታጠፍ እግሩን ቀስ ብዬ ሳነሳው እግሩ ገና ብዙ ከፍ ሳይል ጮኸ። ዲስክ ወጥቶ ነርቭ ሲጫን የሚታይ ምልክት ነው። እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት ሌላ ክሊኒክ "ለመስክ ጉዞ ብቁ አይደለም" የሚል ወረቀት አጽፎ አስገብቷል። መሥሪያ ቤቱም አነበበው። የሥራ መደቡ የመስክ ጉዞ ግዴታ አለበት። ስለዚህ "ጉዞ የሌለበት ሌላ መደብ እንፈልግልህ" አሉት። አንድ ጉዞ ሊያስቀር የሄደ ሰው መደቡን ሊያጣ ሆነ።

ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ጠየቅኩት። ስንት ሰዓት መቀመጥ ትችላለህ? ከአንድ ሰዓት በኋላ ሕመሙ ይነሳበታል፤ ወርዶ ትንሽ ከተራመደ ይለቀዋል። ምን ትሸከማለህ? የሰነድ ካርቶን። በምን ነው የምትሄዱት? እስከ ጂንካ በመኪና፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ወረዳዎች በጠጠር መንገድ። በዚህ ላይ ተመሥርቼ የጻፍኩት ይህን ነው፦

"በተሽከርካሪ በአንድ ጊዜ ከ1 ሰዓት በላይ መቀመጥ አይችልም። በጠጠር መንገድ መጓዝ የለበትም። ከ5 ኪሎ በላይ ማንሳት የለበትም። አጭር የአገር ውስጥ በረራና የቢሮ ሥራ ይችላል። ገደቡ ለ6 ሳምንት የሚቆይ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ዳግም ይመረመራል።"

6 ሳምንት ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። እንዲህ ያለው የነርቭ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል። ቀን የተቆረጠለት ገደብ ሲሆን ደግሞ አሠሪው "ይህ ሰው ይመለሳል" ብሎ ያስባል።

መሥሪያ ቤቱ በአውሮፕላን ላከው። ከተማው ውስጥ ባለው ቢሮ ሆኖ ሰነዱን አጣራ። ወረዳዎቹ ጋ የሥራ ባልደረባው ሄደ። መደብ የመቀየሩ ወሬ በዚያው ቀረ።

ስለዚህ ሐኪም ጋ ስትሄዱ የጉዞ ደብዳቤውን ይዛችሁ ሂዱ። ከሌለ የት፣ በምን፣ ለስንት ቀን፣ ምን ለመሥራት እንደምትሄዱ በወረቀት ጻፉ። እኔ የማላውቀውን ጉዞ "አይችልም" ማለት አልችልም። ወረቀቱ ላይ የካርድ ቁጥራችሁ፣ ቀኑ፣ የሐኪሙ ስምና ፊርማ፣ የተቋሙ ማህተም መኖሩን ሳታዩ ከግቢ አትውጡ። የሰው ኃይል ክፍሎች እየደወሉ ያረጋግጣሉ። የሚያረጋግጡትም በካርድ ቁጥሩ ነው።

"እንግዲያው ሲክ ሊቭ ይጻፉልኝ። ጉዞው ሲያልፍ ሥራ እገባለሁ።"

የሕመም ፈቃድ ማለት ሥራ መሥራት አይችልም ማለት ነው። የጉዞ ገደብ ግን ሥራውን ይሠራል፣ ይህን ዓይነት ጉዞ ብቻ አይሄድም ማለት ነው። ልዩነቱ ኪሳችሁን ይነካል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ ቢበዛ 6 ወር ነው። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ደመወዝ። ቢሮ መዋል እየቻላችሁ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበትን ወር ለአንድ ጉዞ ብላችሁ ከጨረሳችሁት፣ በዚያው ዓመት ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልጋችሁ በግማሽ ደመወዝ ነው የምትተኙት። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ አዋጅ ስለሆነ ቁጥሩ ይለያያል። ፈቃዱ የተወሰነ መሆኑ ግን ያው ነው።

"ደም ግፊት አለብኝ። አውሮፕላን ላይ አየሩ ስለሚሳሳ አልችልም።"

ይህን የሚለኝ አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጡ ያለው አየር ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው አየር ሆኖ ነው የሚስተካከለው። ቦሌ አየር ማረፊያ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በየቀኑ የምትተነፍሱት አየር ማለት ነው። በመድኃኒት የተረጋጋ ግፊት ለብቻው ከበረራ አያስቀርም። በቅርቡ የልብ ድካም የተነሳበት፣ ቁጭ ብሎም ደረቱን የሚያመው ወይም በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው። የግፊት ታካሚ ሲሆን እኔን የሚያሳስበኝ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ሆስፒታሉ ስንት ሰዓት ይርቃል? መድኃኒቱ እዚያ ይገኛል? ወረቀት ላይ ክብደት ያለው ይህ ነው።

"ያለ ኤምአርአይ ሐኪም አይጽፍም።"

ይጽፋል። ከላይ ያለውን ወረቀት የጻፍኩት እግሩን አንስቼ፣ ጠይቄና መርምሬ ነው። ሽንት መሽናት ካቃታችሁ ወይም መቀመጫችሁ አካባቢ ከደነዘዘ ግን ወረቀቱን ትታችሁ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ግቡ።

"የበሽታዬን ስም ቢሮው በሙሉ ሊያውቅ ነው። ከዚያ ብሄድ ይሻለኛል።"

በዚህ ፍርሃት መሄድ የሌለባቸው ሰዎች ይሄዳሉ፤ ያሳዝነኛል። አሠሪው ማወቅ ያለበት ምን መሥራት እንደምትችሉና እንደማትችሉ፣ እስከ መቼ እንደሆነም ነው። የበሽታው ስም የእናንተ ነው። ብዙ የሕክምና ማስረጃ ቅጾች ላይ የበሽታ ስም የሚሞላበት መስመር መኖሩ እውነት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ መጻፍ ከመጀመሩ በፊት "ስሙ እንዳይጻፍ እፈልጋለሁ" በሉ። "በሕክምና ክትትል ላይ ያለ" የሚለው ከገደቦቹ ጋር ሲሆን ይበቃል። ማህተም ካረፈ በኋላ ስትጠይቁ ነው ችግሩ።

"ጉዞው ባለፈው ሳምንት ነበር። ቀኑን ወደ ኋላ አድርገው ይጻፉልኝ፤ ከፍያለሁ እኮ።"

የከፈላችሁት ለምርመራ ነው። ባልመረመርኩበት ቀን መርምሬያለሁ ብዬ ብጽፍ ሐሰተኛ የሕክምና ማስረጃ ነው፤ በሕግም ያስጠይቃል። "ዛሬ መረመርኩት፤ ሕመሙ ከ10 ቀን በፊት እንደጀመረ ተናግሯል" ብዬ ግን መጻፍ እችላለሁ። ያ እውነት ነው።

"አንዴ ካጻፍኩ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል።"

የተጻፈበት ቀን ሲያልቅ ገደቡም ያልቃል። 6 ሳምንት ከተባለ በ5ኛው ሳምንት ተመልሳችሁ ኑ፤ እግራችሁን እንደገና አንስቼ ልይ። ተሽሏችሁ ከሆነ "ከዛሬ ጀምሮ መጓዝ ይችላል" የሚለውንም ወረቀት አጽፉ፤ እሱን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙም የለም።