የአዋጭነት ጥናት ዋና ማጠቃለያን ለቦርድ አባላት መልሶ መጻፍ

የአዋጭነት ጥናት አንድ ሥራ ሊሠራ ይችል እንደሆነ፣ በምን መሣሪያና በምን ሁኔታ እንደሚሠራ አስቀድሞ የሚመረምር ሰነድ ነው። ከሰነዱ ፊት የሚቀመጡት ጥቂት ገጾች ዋና ማጠቃለያው ናቸው። ባለሙያዎች እነዚህን ገጾች የሚጽፏቸው አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻ፣ የየምዕራፉን መደምደሚያ አሳጥረው በመሰብሰብ ነው። ስለዚህ ማጠቃለያው የጥናቱን ቅደም ተከተል ይዞ ይሄዳል፤ ከዳራው ይጀምራል፣ ዘዴውን ያብራራል፣ ግኝቱን ይዘረዝራል፣ ምክረ ሐሳቡን በመጨረሻ ያስቀምጣል። የቦርድ አባል ግን የሚፈልገው ድምፅ እንዲሰጥበት የተጠራበትን ጉዳይ ነው። መልሶ መጻፍ የሚባለው ሥራ የሚጀምረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ካለው ክፍተት ነው። ገጽ ማሳጠርና ከባድ ቃል በቀላል ቃል መተካት ከሥራው ትንሹ ክፍል ነው።

በኢትዮጵያ ለዚህ ሥራ ጥሩ ማሳያ የሚሆኑት የትንንሽ ከተሞች የውሃ አገልግሎት ቦርዶች ናቸው። በብዙ ክልሎች የከተማ ውሃ አገልግሎት በቦርድ ይመራል፤ በቦርዱም የአስተዳደር ኃላፊዎች፣ የሴክተር መሥሪያ ቤት ተወካዮችና ከነዋሪው የተመረጡ ሰዎች ይቀመጣሉ። መምህር፣ ነጋዴ፣ የጤና ባለሙያ ይገኙባቸዋል፤ የፓምፕ መሐንዲስ ግን እምብዛም አይገኝም። ጥናቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ሲሆን ስብሰባው የሚካሄደው በአማርኛ ወይም በሌላ የአካባቢው የሥራ ቋንቋ ነው። መልሶ ጻፊው ስለዚህ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ይተረጉማል፣ ከባለሙያ ዓይን ወደ ወሳኝ ዓይንም ያሸጋግራል።

ከዚህ በታች ያለው ምሳሌ ለማሳያ የተሰላ ነው፤ ልኬቶቹ ግን በእንዲህ ዓይነት ከተማ በእውነት የሚያጋጥሙ ናቸው።

አንድ ዐረፍተ ነገር ሲፈታ

3,200 ነዋሪዎች ያሏት አንዲት ከተማ ውሃዋን ከአንድ ጥልቅ ጉድጓድ ታገኛለች። ጠላቂ ፓምፑ የሚሠራው በናፍጣ ጄኔሬተር ብቻ ነው። አማካሪው ድርጅት የፀሐይ ኃይል እንዲታከልበት አጥንቶ በዋና ማጠቃለያው እንዲህ ሲል ደመደመ፦ «በ120 ሜትር አጠቃላይ የግፊት ከፍታ በሰከንድ 5 ሊትር የሚገፋውን ፓምፕ በ15 ኪሎዋት የፀሐይ ፓኔል ከነባሩ ጄኔሬተር ጋር በማጣመር ማንቀሳቀስ በቴክኒክ ረገድ አዋጭ ሆኖ ተገኝቷል፤ የናፍጣ ፍጆታውም በ67 በመቶ ይቀንሳል።»

ዐረፍተ ነገሩ ስሕተት የለበትም። ለመሐንዲስም በቂ ነው። የቦርድ አባሉ ግን ከዚህ ውስጥ የሚይዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ 67 በመቶ። ሰብሳቢው ይህን ቁጥር በቃሉ ይይዘዋል፣ በሚቀጥለው ዓመት የበጀት ውይይትም ያነሣዋል። ስለዚህ መልሶ ጻፊው አስቀድሞ ማድረግ ያለበት ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ እስከ ስሌቱ ሰንጠረዥ ድረስ ወርዶ ማየት ነው።

ሰንጠረዡ ይህን ያሳያል። ለከተማው ዓይነት የተቀመጠው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 40 ሊትር ስለሆነ ለ3,200 ሰው 128 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል፤ በመስመር ላይ የሚባክነው ሲታከልበት 160 ሜትር ኩብ ይሆናል። በሰከንድ 5 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ይህን ያህል ውሃ ለማውጣት ወደ 9 ሰዓት ይፈጅበታል። በበጋ ቀን ፀሐዩ ፓምፑን ለ6 ሰዓት ያህል በሙሉ አቅሙ ቢያንቀሳቅሰው 108 ሜትር ኩብ ይገኛል፤ የቀረውን 52 ሜትር ኩብ ጄኔሬተሩ በ3 ሰዓት ይሞላዋል። ከ9 ሰዓት ወደ 3 ሰዓት መውረድ ማለት እንግዲህ 67 በመቶ ነው።

በክረምት ግን ፀሐዩ የሚሰጠው ከ4 ሰዓት አይበልጥም። ያን ጊዜ 72 ሜትር ኩብ ብቻ ይወጣል፣ ጄኔሬተሩም ወደ 5 ሰዓት መሥራት ይኖርበታል። ይህ ስሌት በጥናቱ አባሪ ውስጥ አለ፤ ወደ ማጠቃለያው ግን አልዘለቀም። ጄኔሬተሩ በሰዓት 5 ሊትር ናፍጣ የሚፈጅ ከሆነ ከተማዋ አሁን በዓመት ወደ 16,400 ሊትር ታቃጥላለች። ስምንቱ ወር በበጋው፣ አራቱ ወር በክረምቱ ስሌት ሲታሰቡ ፍጆታው ወደ 6,700 ሊትር ይወርዳል። ቅናሹ እንግዲህ 59 በመቶ ነው።

59 በመቶም ትልቅ ቅናሽ ነው፤ ፕሮጀክቱን አይጥለውም። ሆኖም መልሶ ጻፊው ቁጥሩን በራሱ እጅ መለወጥ አይችልም። ስሌቱ የመሐንዲሱ ነው፤ የሚፈርምበትም እርሱ ነው። ጥያቄው በጽሑፍ ወደ እርሱ ይመለሳል፦ «67 በመቶው የበጋ ቀን ነው ወይስ የዓመት?» መልሱ እስኪመጣ ድረስ ያ መስመር ባዶ ይቆያል። በዚህ ሥራ ከሚፈጸሙ ጥፋቶች ሁሉ ከባዱ ጻፊው ጥርጣሬውን በራሱ ግምት ሞልቶ ማለፉ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ በጥናቱ ውስጥ የሌለ ቁጥር በጥናቱ ስም ይኖራል።

ልኬቱን ወደ አንባቢው ማምጣት

ቁጥሩ ከተረጋገጠ በኋላ በምን መስፈሪያ እንደሚነገር ይወሰናል። 40 ሊትር ማለት ሁለት ጀሪካን ነው፤ ይህንን በቦኖ ወረፋ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይረዳዋል። ናፍጣም በሊትር ከሚነገር በበርሜል ቢነገር ይሻላል፤ ባለ 200 ሊትሩ በርሜል አገልግሎቱ ነዳጅ የሚገዛበት መስፈሪያ ነውና። አሁን በዓመት 82 በርሜል፣ ወደፊት 33 በርሜል። ይህ አቀራረብ ሌላም ጥቅም አለው። የነዳጅ ዋጋ ጥናቱ ከተጠናቀቀበት ቀን ጀምሮ ሊለወጥ ይችላል፤ የበርሜሉ ብዛት ግን አይለወጥም። ቦርዱ በስብሰባው ዕለት ያለውን ዋጋ ይዞ ራሱ ማባዛት ይችላል።

የሚወጡ ቁጥሮችም አሉ። 120 ሜትር አጠቃላይ የግፊት ከፍታ ማለት ውሃው ከጉድጓዱ 94 ሜትር፣ ከዚያም ኮረብታው ላይ እስካለው ማጠራቀሚያ 20 ሜትር ሲወጣ፣ በቧንቧው ውስጥ የሚፈጠረው ፍትጊያም 6 ሜትር ያህል ሲታከልበት ነው። ለፓምፕ ምርጫ ወሳኝ ነው፤ ለድምፅ አሰጣጥ ግን ምንም አይጨምርም። ገጹን ብቻ ጠቅሶ ማለፍ ይበቃል።

ሰዓትና ወር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚዘነጉ ናቸው። ጥናቱ ፓምፑ በፀሐይ የሚሠራው ከ9:00 እስከ 15:00 ነው ይላል። ይህ እንዳለ ከተቀመጠ የቦርድ አባሉ 9 ሰዓትን ከቀኑ 9 ሰዓት ብሎ ያነበዋል፤ የፀሐዩ ፓምፕ ሥራ የሚጀምረው ከሰዓት በኋላ ይመስለዋል። ትክክለኛው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ነው። ወሮቹም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሰፍራሉ፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር ግዥው በየትኛው ዓመት በጀት ላይ እንደሚያርፍ የሚታወቀው በዚህ ነው።

መጥፋት የሌለበት ጥርጣሬ

ማጠቃለያ ሲቀልል መጀመሪያ የሚረግፈው ጥርጣሬ ነው። «እንደሚሆን ይገመታል» የሚለው አንድ ጊዜ ሲጻፍ «ይሆናል» ይሆናል፣ ሁለተኛ ሲጻፍ «ነው» ይሆናል። በአማርኛ ይህ ለውጥ በግሡ ጫፍ ላይ ስለሚፈጸም ዓይን ያመልጠዋል። ለዚህ የሚጠቅመው ዘዴ ቀላል ነው፤ የመጀመሪያውንና አዲሱን ጎን ለጎን አድርጎ ግሦቹን ብቻ አንድ በአንድ ማነጻጸር።

በምሳሌው ጥናት አንድ እንዲህ ዓይነት ነጥብ አለ። የጉድጓዱ የ72 ሰዓት የፍሰት ሙከራ የተደረገው በጥቅምት፣ ክረምቱ እንደወጣ ነው። ፓምፑ ሲሠራ ውሃው ወርዶ በ94 ሜትር ረጋ። ፓምፑ የተሰቀለው በ108 ሜትር ላይ ስለሆነ ከበላዩ 14 ሜትር ውሃ ይኖራል። ጥናቱ «በወቅቶች መካከል ያለው ልዩነት አነስተኛ እንደሆነ ታሳቢ ተደርጓል» ይላል። ታሳቢ ተደረገ እንጂ አልተለካም። ውሃው በግንቦት ከ14 ሜትር በላይ ከወረደ ፓምፑ ያለ ውሃ ይሽከረከራል፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በዙሪያው የሚያልፈው ውሃ ስለሆነም ይቃጠላል። ይህ የናፍጣም የፀሐይም ጉዳይ አይደለም፤ ቦርዱ ግን በአዲስ መሣሪያ ላይ ገንዘብ ሊያወጣ ስለሆነ ሊያውቀው ይገባል።

እነዚህ ሁሉ ተሰብስበው አዲሱ ማጠቃለያ እንዲህ ይከፈታል፦

«ቦርዱ እንዲወስን የሚጠየቀው፣ አሁን በናፍጣ ብቻ የሚሠራው የጉድጓድ ፓምፕ ቀን ቀን በፀሐይ ኃይል እንዲሠራ የሚያስችለው ግዥ ይፈጸም ወይስ አይፈጸም የሚለውን ነው። ግዥው ከተፈጸመ ለእያንዳንዱ ነዋሪ በቀን ሁለት ጀሪካን ውሃ ማቅረብ ይቻላል። ጄኔሬተሩ ግን አይቀርም፤ በበጋ በቀን ወደ 3 ሰዓት፣ በክረምት ወደ 5 ሰዓት ይሠራል። የናፍጣው ፍጆታ በዓመት ከ82 በርሜል ወደ 33 በርሜል ይወርዳል ተብሎ ይገመታል (አባሪ ሰንጠረዥ)። ያልተረጋገጠው ነገር በደረቁ ወራት የጉድጓዱ ውሃ ምን ያህል እንደሚወርድ ነው፤ የተለካው በጥቅምት ብቻ ነው። ቦርዱ ግዥውን አሁን ሊያጸድቅና የውሃ ማነስ ሲያጋጥም ፓምፑን የሚያቆም መቆጣጠሪያ እንዲገጠም ሊያዝ ይችላል፤ ወይም በግንቦት ተለክቶ ውጤቱ እስኪቀርብ ሊጠብቅ ይችላል። መጠበቁ ግዥውን ወደሚቀጥለው በጀት ዓመት ይገፋዋል፤ እስከዚያም ከተማዋ በናፍጣ ብቻ ትቆያለች።»

ጽሑፉ ወደ ቦርዱ ከመሄዱ በፊት በሁለት እጆች ያልፋል። የመጀመሪያው መሐንዲሱ ነው፤ ትርጉሙ እንዳልተዛባ አይቶ ይፈርማል። ሁለተኛው ጥናቱን ፈጽሞ ያላየ ሰው፣ ለምሳሌ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። አንድ ጊዜ ካነበበ በኋላ ወረቀቱ ይወሰድና በቃሉ ይጠየቃል፤ ምን ወስኑ ተባልን? በነሐሴ ምን ይሆናል? ያልታወቀው ምንድን ነው? «ጄኔሬተሩ ይሸጣል» ብሎ ከመለሰ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ «አይቀርም» የሚለው ቃል በቂ ቦታ አላገኘም ማለት ነው።

ይህ ሥራ ሊሠራው የማይችለውም አለ። ጥናቱ ያላነሣውን ጥያቄ፣ ለምሳሌ የውሃ ታሪፉ ይቀንስ እንደሆነ፣ መልሶ ጻፊው ሊመልስ አይችልም። ቦርዱ መጠየቁ የማይቀር ከሆነ «ይህ በጥናቱ አልታየም» ብሎ በግልጽ ማስፈር ይገባል። ከውሳኔው በኋላ ወረቀቱ ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዛል፤ ነሐሴ ላይ የናፍጣው ደረሰኝ ከታሰበው በዝቶ ሲገኝ ሰብሳቢውና ኦዲተሩ የሚያወጡት ያንኑ ገጽ ነውና።