አያያዥ ቃል ምንድን ነው? «ሆኖም» እና «ስለዚህ» የሚገቡት ውል

አያያዥ ቃል የሚባለው ሁለት ዐረፍተ ነገሮች በምን እንደሚዛመዱ ለአንባቢ የሚናገር ቃል ነው። ጸሐፊ «ሆኖም» ሲል፣ «ካልኩት ተነሥታችሁ የጠበቃችሁት አልሆነም» ማለቱ ነው። «ስለዚህ» ሲል ደግሞ፣ «አሁን የምለው ቀደም ሲል ካልኩት የሚወጣ ነው» ብሎ ውል ይገባል። ውሉ ካልተጠበቀ አንባቢው ይደናገራል፤ ብዙ ጊዜም ጥፋቱን የራሱ ያደርገዋል። የሰው ጽሑፍ ሳርም እንደዚህ የሚያስቆጨኝ ስሕተት የለም።

አንዲት ተማሪ ስለ አንድ ትንሽ ከተማ የውሃ ችግር የጻፈችውን የመመረቂያ ጽሑፍ እንዳነብላት ሰጥታኝ ነበር። ማጠቃለያው ላይ እንዲህ ይላል፦ «የቧንቧ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይመጣል። ሆኖም ነዋሪዎች በጀሪካን ያጠራቅማሉ። ስለዚህ አዲስ ጉድጓድ መቆፈር አለበት።»

መጀመሪያ «ሆኖም»ን እንየው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እንደሚመጣ የሰማ ሰው ምን ይጠብቃል? ሰዉ እንደሚያጠራቅም ነዋ! የተባለውም ያው የተጠበቀው ነው፤ ስለዚህ የሚፈርስ ግምት የለም። «ሆኖም» ቦታ የሚኖረው ለምሳሌ «ሆኖም አብዛኛው ነዋሪ የማጠራቀሚያ ዕቃ የለውም» ቢባል ነበር። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ከ«ሆኖም» በፊት ቆም ብሎ «አንባቢዬ አሁን ምን እየጠበቀ ነው?» ማለት ነው። መልስ ከታጣ ወይም መልሱ ራሱ ቀጣዩ ዐረፍተ ነገር ከሆነ ቃሉ ያለቦታው ገብቷል።

እዚህ ላይ በ«ስለዚህ» መተካትም ግድ አይደለም። አማርኛ ምክንያትን በግሱ ውስጥ መሸከም ይችላልና «ውሃው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሚመጣ ነዋሪዎች በጀሪካን ያጠራቅማሉ» ብንል ይበቃል። ይህን ባለመተማመን ብዙዎቻችን እጥፍ እንጽፋለን፦ «ውድ ቢሆንም ነገር ግን ገዛሁት»፣ «ስለዘነበ ስለዚህ ቀረሁ»። «ቢሆንም» ካለ «ነገር ግን» ትርፍ ነው፤ «ስለዘነበ» ካለም «ስለዚህ» ትርፍ ነው።

ከባዱ ጥፋት ግን ሁለተኛው ነው። ውሃ በፈረቃ መምጣቱ ብቻውን ጉድጓድ ይቆፈር አያሰኝም። ፓምፑ መብራት እያጣ ይሆናል፤ ቧንቧው እያፈሰሰም ይሆናል። በአንዱም በሌላውም ምክንያት ከሆነ አዲስ ጉድጓድ ችግሩን አይፈታውም። «ስለዚህ» የጎደለውን እርምጃ ሸፍኖ አልፎታል፤ ቃሉ ድምዳሜ ድምዳሜ ስለሚሸት ጸሐፊዋም ሳታስተውለው ቀርታለች። እንዲህ ሲያጋጥም ቃሉን አንሥቶ በምትኩ «ይህ እውነት ከሆነ ያኛው የግድ ነው» እያሉ ጮክ ብሎ ማንበብ ይረዳል። የጎደለው ካለ ጆሮ ያገኘዋል።

የሚገርመው የጎደለው ማስረጃ እዚያው ጽሑፍ ውስጥ ነበር። 19ኛው ገጽ ላይ ፓምፑ የራሱ ጄኔሬተር እንዳለው፣ ከጉድጓዱ የሚወጣውና ቤቶች የሚደርሳቸው ውሃ በቆጣሪ ሲለካ እምብዛም እንደማይለያይ፣ በበጋ ግን የጉድጓዱ ውሃ ከፓምፑ በታች እንደሚወርድ በዝርዝር ጽፋለች። ድምዳሜው ግን ያለው 52ኛው ገጽ ላይ ነው። በዚያ ርቀት ላይ ያለ አንባቢ 19ኛውን ገጽ አያስታውስም።

ረጅም ክርክር ከአያያዥ ቃል ሌላ መንገድ አመልካች ዐረፍተ ነገር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አንባቢውን ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ የሚያስታውሰው እሱ ነው። ነገር ግን «ከላይ እንደተገለጸው» ወይም «በሚቀጥለው ክፍል ስለ ውሃ ምንጮች እናያለን» የሚሉት ባዶ ናቸው፤ ምን እንደተገለጸ ወይም ለምን እንደሚታይ አይናገሩም። ጥሩ አመልካች ነገሩን ራሱን ይዞ ይመጣል። ከተማሪዋ ጋር ቁጭ ብለን ያስተካከልነው እንዲህ ነው፦

«መብራት መጥፋትም የቧንቧ ማፍሰስም የእጥረቱ ምክንያት እንዳልሆኑ በምዕራፍ 2 አይተናል። የቀረው ምክንያት ጉድጓዱ በበጋ መድረቁ ነው። ስለዚህ ፈረቃው የሚቀረው ሌላ የውሃ ምንጭ ሲገኝ ነው።»

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ከቀድሞው ቆጠብ ማለቱን ልብ ይሏል። «አዲስ ጉድጓድ» የነበረው «ሌላ የውሃ ምንጭ» ሆኗል፤ ምንጩ ጉድጓድ ይሁን ወይስ በአቅራቢያው ካለው ወንዝ ይጠለፍ የሚለውን ማስረጃዋ አልነካውምና። ተማሪዋ ይህን ስታይ ስለ ወንዙ አንድ ተጨማሪ ክፍል ልትጽፍ ረቂቁን ይዛ ተመለሰች።