የተዘለለው የደረሰኝ ቁጥር፦ ከሂሳብ ፋይል የጠፋን ሽያጭ ማግኘት

የሽያጭ ደረሰኝ ጥራዝ ከማተሚያ ቤት ሲወጣ ቁጥሩ ታትሞበት ነው። ከ4137 በኋላ 4138 ይመጣል፣ ከዚያ 4139። በኮምፒውተር የተመዘገበው ሽያጭም ይህንኑ ተራ መከተል አለበት። በመሃል አንድ ቁጥር ከሌለ ወይ ደረሰኙ ተበላሽቷል፣ ወይ ሳይመዘገብ ቀርቷል፣ ወይ በተሳሳተ ቀን ተመዝግቧል፣ ወይ ከተመዘገበ በኋላ ጠፍቷል። የተዘለለ ቁጥር ፍለጋ የሚባለው ሥራ እነዚህን አራቱን መለየት ነው።

ደሴ ውስጥ ያለ አንድ የህንፃ መሣሪያ ሱቅ እንውሰድ። ሱቁ ምናባዊ ነው፣ አሠራሩ ግን የብዙዎቹ ነው። ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ አለው። ሂሳቡ የሚሠራው ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ነው። የሐምሌ ወር ቫት ለግብር ቢሮ ከመቅረቡ በፊት ሂሳብ ሠራተኛዋ የወሩን ሽያጭ ወደ ኤክሴል አውጥታ ቁጥሮቹን ማየት ፈለገች።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ቀኑ ላይ ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ነው። ሐምሌ 1 ማለት ጁላይ 8፣ ሐምሌ 30 ማለት ደግሞ ኦገስት 6 ነው። ጁላይን ከ1 እስከ 31 ብሎ ያወጣ ሰው ከሰኔ መጨረሻ ሰባት ቀን ያስገባል፣ ከሐምሌ መጨረሻ ስድስት ቀን ይጥላል። እንዲህ የተቆረጠ ፋይል መሃሉ የተሟላ ይመስላል። የጎደለው ጫፉ ላይ ስለሆነ ቶሎ አይታይም።

ቀጥሎ ተራዎቹን መለየት ነው። ደሴና ኮምቦልቻ የየራሳቸው ጥራዝ ስላላቸው ሁለት ተራ ነው ያለው። የካሽ ሬጅስተሩ ወረቀት ላይ የሚወጣው የ`FS No.` ቁጥር ደግሞ ሌላ ተራ ነው። ሁሉንም አንድ ላይ ሶርት ያደረገ ሰው በውሸት ክፍተት ይታመሳል። እኛ የደሴውን ብቻ እንያዝ። ከ4101 ጀምሮ እስከ 4380 ድረስ።

አንድ ደረሰኝ ላይ ሲሚንቶም ሚስማርም ከተሸጠ ፋይሉ ውስጥ ቁጥሩ ሁለት ረድፍ ላይ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የቁጥሩን አምድ ወደ አዲስ ሺት ገልብጦ በ`Remove Duplicates` አንድ አንድ ብቻ ማስቀረት ያስፈልጋል። ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቀመጥ። ለሁለት የተለያዩ ደንበኞች አንድ ቁጥር ተሰጥቶ ከሆነ የሚታየው እዚያ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ስንት እንደጎደለ በአንድ መስመር ይታወቃል፦

```
=MAX(A2:A272)-MIN(A2:A272)+1-COUNT(A2:A272)
```

በእኛ ሱቅ 4380 ሲቀነስ 4101፣ ሲደመር 1፣ 280 ይሆናል። የተገኘው 271 ነው። ዘጠኝ ቁጥር ጎድሏል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ኤክስፖርት የተደረገ ቁጥር ብዙ ጊዜ ጽሑፍ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ በተለይ 0004101 ተብሎ በዜሮ ሲጀምር። ሁሉም ጽሑፍ ከሆነ `COUNT` ምንም አይቆጥርም፣ `MAX` እና `MIN`ም ዜሮ ይሆናሉ፣ መልሱም 1 ይወጣል። ሰው «አንድ ብቻ ነው የጎደለው» ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። መለያው ቀላል ነው፤ ጽሑፍ ከሆነ ቁጥሩ በሴሉ ግራ በኩል ይጠጋል። `Text to Columns` ከፍቶ `Finish` ማለት ወደ ቁጥር ይመልሰዋል።

የትኞቹ እንደጎደሉ ለማወቅ አምዱን ከትንሽ ወደ ትልቅ ሶርት አድርጎ፣ B3 ላይ ይህንን ጽፎ ወደ ታች መጎተት ነው፦

```
=A3-A2
```

ደህና ከሆነ መልሱ 1 ነው። ከ1 ከበለጠ እዚያ ቦታ ላይ ክፍተት አለ፤ 2 ማለት አንድ ጎደለ፣ 4 ማለት ሦስት ጎደሉ። የእኛ ሱቅ ሦስት ቦታ ላይ ተሰብሯል፦ 4138 ብቻውን፣ ከ4212 እስከ 4214፣ ከ4331 እስከ 4335። አንድ፣ ሦስት፣ አምስት። ዘጠኙ ሞላ።

አሁን ኮምፒውተሩን ትቶ ጥራዙን መክፈት ነው። ጥራዙ 50 ቅጠል ከሆነ 4138 ያለው በመጀመሪያው ነው። ሲከፈት ዋናውም ቀሪውም ተያይዘው አሉ፣ በላያቸው ላይ ተሰርዟል ተብሎ ተጽፏል። ተበላሽቶ ነው። ዋናው እዚያው ካለ ለደንበኛ አልተሰጠም ማለት ነው፤ ዋናው ከሌለ ግን «ተበላሽቶ ነው» የሚለውን ቃል ብቻ መቀበል ልክ አይደለም።

ከ4331 እስከ 4335 ያሉት በሐምሌ 27 የተቆረጡ ናቸው፤ ኦገስት 3 ማለት ነው። ያለ ቀን ገደብ ሙሉው ሽያጭ እንደገና ሲወጣ አምስቱም ማርች 8 ላይ ተገኙ። ፕሮግራሙ ወርን ያስቀድማል፣ መዝጋቢው ቀንን አስቀድሞ 3/8 ብሎ መታ። ጥፋቱ የጣት ነው። ግን ሳይስተካከል ቢቀር የሐምሌ ቫት ጎድሎ ይቀርብ ነበር።

አስቸጋሪዎቹ የቀሩት ሦስቱ፣ ከ4212 እስከ 4214 ያሉት ናቸው። ቀሪያቸው ጥራዙ ላይ አለ፣ ዋናው ተቀዶ ሄዷል። 18,400፣ 9,775 እና 12,650 ብር፣ በድምሩ 40,825። በፕሮግራሙ የትኛውም ወር ላይ የሉም። በፒችትሪ አንድን ደረሰኝ ቮይድ ማድረግና ዲሊት ማድረግ ይለያያሉ። ቮይድ ሲደረግ የመጀመሪያው ይቀራል፣ ከጎኑ V የተጨመረበት ማካካሻ ይመዘገባል፤ ለምሳሌ 4260 እና 4260V። ያ V ያለበት ጽሑፍ ስለሆነ `COUNT` ውስጥ አይገባም፣ የእኛንም ስሌት አያዛባም። ዲሊት ግን ከሽያጭ ዝርዝሩ ላይ ምንም አያስቀርም። የሚቀረው ምልክት ቁጥሩ መዝለሉ፣ እና ምዝገባው ተከፍቶ ከነበረ `Audit Trail` የሚባለው ሪፖርት ብቻ ነው። ሪፖርቱ ማን በስንት ሰዓት እንዳጠፋ ያሳያል። ሁሉም ሰው በአንድ የይለፍ ቃል የሚገባ ከሆነ ግን ስሙ ምንም አይነግርም። ይህ በትንንሽ ሱቆች የተለመደ ነው፣ በእኔ እምነት ደግሞ ትልቁ ድክመት እሱ ነው።

የዚህ ሱቅ ሪፖርት ሦስቱም ተመዝግበው በአንድ ምሽት እንደጠፉ አሳየ። ያ ማለት ግን ተሰርቋል ማለት አይደለም። ደንበኛ በሌላ ስም ይቆረጥልኝ ብሎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሦስቱ መጠኖች ከ4215 ጀምሮ ይፈለጋሉ። 18,400 ብሩ 4219 ላይ በሌላ ስም ተገኘ። ግን የተተካው ደረሰኝ ዋናው ተመልሶ ከጥራዙ ጋር መታሰር ነበረበት፣ አልታሰረም። ሁለቱ ምንም ምትክ የላቸውም። 22,425 ብር፣ ከዚያ ውስጥ 2,925ቱ ቫት። ወደ ባንክ የገባውና የዱቤ ደብተሩ ከሁለቱ ጋር የሚመሳከሩት ከዚህ በኋላ ነው።

ይህ ስሌት የማያያቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ጅራቱ ነው። ፋይሉ 4380 ላይ ያልቃል፣ ስሌቱም እስከዚያ ብቻ ያያል። ጥራዙ ላይ በሐምሌ 30 የተቆረጠው የመጨረሻ ቀሪ 4383 ከሆነ ሦስት ደረሰኝ ሳይሰማ ጠፍቷል። ስለዚህ የመጨረሻው ቁጥር ሁልጊዜ ከጥራዙ ይነበባል፣ የመጀመሪያውም ካለፈው ወር የመጨረሻ ጋር ይያያዛል። ሁለተኛው መተካት ነው። አንድ ሰው 4290ን አጥፍቶ በዚያው ቁጥር ያነሰ ብር ቢመዘግብ ተራው ሙሉ ነው፣ ክፍተትም የለም። ለዚያ ከእያንዳንዱ ጥራዝ ጥቂት ቀሪ መዝዞ ብሩን ከፋይሉ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ሰኞ ገበያው ደርቶ ብዙ ደረሰኝ በተቆረጠበት ቀን መጀመር ጥሩ ነው።