ትራንስአሚኔሽን፦ አሚኖው በማን እጅ ያልፋል?

ትራንስአሚኔሽን የአሚኖ ቡድን ከአንድ አሚኖ አሲድ ወደ ሌላ ሞለኪውል የሚተላለፍበት ሂደት ነው። ብዙ ተማሪ አሚኖው አላኒን ከተባለው አሚኖ አሲድ ወጥቶ አልፋ ኬቶግሉታሬት ወደተባለው ሞለኪውል በቀጥታ የሚዘል ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። መሃል ላይ ተቀባይ አለ፤ ከቫይታሚን ቢ6 የሚሠራው ፒሪዶክሳል ፎስፌት።

ጉበት ውስጥ በብዛት ያለውን ኤኤልቲ የተባለ ኤንዛይም እንይ። መጀመሪያ አላኒን ይገባል። አሚኖውን ለፒሪዶክሳል ፎስፌት ያስረክብና ፓይሩቬት ሆኖ ይወጣል። ተቀባዩ አሁን ፒሪዶክሳሚን ፎስፌት ሆኗል። ልብ በሉ፣ አላኒን ቢሄድም አሚኖው እዚያው ኤንዛይሙ ላይ ቀርቷል። ከዚያ አልፋ ኬቶግሉታሬት ይመጣና አሚኖውን ወስዶ ግሉታሜት ይሆናል። ተቀባዩም ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል።

በዚህ ሁሉ ነፃ አሞኒያ አልወጣም። ፈተና ላይ የሚያሳስተው ይሄ ነው። አሞኒያ የሚለቀቀው በኋላ፣ ግሉታሜት ዲሃይድሮጂኔዝ የተባለው ሌላ ኤንዛይም ግሉታሜትን ሲሰብረው ነው።

ኤኤልቲ ያለዚህ ተቀባይ ስለማይሠራ፣ ቢ6 ያነሰው ሰው ጉበቱ ተጎድቶም ቢሆን በደም ምርመራ የኤኤልቲ ውጤቱ ዝቅ ብሎ ሊነበብ ይችላል።