አንድ አግድም ቪዲዮ ወደ ካሬና ወደ ቁም ሲቀየር፦ ከአሞራ ገደል የተወሰደ ምሳሌ

አግድም ቪዲዮ ስንል ብዙ ጊዜ 1920 ፒክስል ስፋትና 1080 ፒክስል ቁመት ያለውን ማለታችን ነው። ለዩቲዩብና ለቴሌቪዥን እንዳለ ይሄዳል። ለቲክቶክ ግን ቁም ይፈለጋል፤ ፌስቡክ ላይ ደግሞ ካሬ ጥሩ ይታያል። ስለዚህ ኤዲተሩ ያንኑ ቀረጻ ከጎንና ከጎን እየቆረጠ ሌላ ፍሬም ያወጣለታል። ፈረንጅኛው ስሙ ሪፍሬሚንግ ነው፤ እዚህ ሀዋሳ ግን ብዙዎቻችን «ክሮፕ ማድረግ» እንለዋለን።

ችግሩ የት እንዳለ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ቁመቱን ሳንነካ ካሬ ብናወጣ 1080 ፒክስል ስፋት ይተርፈናል፤ ከዋናው ምስል ግማሹ ከትንሽ ጭማሪ ጋር ማለት ነው። ቁም፣ ማለትም 9 በ16፣ ብናወጣ ግን የሚተርፈን 608 ፒክስል ስፋት ብቻ ነው፤ ከሦስት አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ሁለት ሦስተኛው ምስል ይጣላል። ጥያቄው የትኛውን እንጣል የሚለው ነው።

ሐይቃችን ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል፣ አንድ ቀረጻ ልውሰድ። ጠዋት ነው። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚበልት ልጅ ተቀምጧል። ከሱ ራቅ ብሎ አንድ አባ ኮዳ ቆሞ እጁን እጁን ያያል። ልጁ ቆሮሶውን ከፍቶ አንጀቱን ወደ አሞራው ይወረውራል፣ አሞራው ይቀልበዋል። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ነው፣ አይንቀሳቀስም። ቀረጻው 12 ሰከንድ ነው፤ ውርወራው 7ኛው ሰከንድ ላይ ይመጣል።

መጀመሪያ የሚለካው የማይቆረጠው ነገር ነው። ልጁ ከግራ ጠርዝ ሲቆጠር ከ470 እስከ 770 ፒክስል ያለውን ቦታ ይዟል። አሞራው ከ1260 እስከ 1440 ነው። ሁለቱን ባንድ ላይ ለመያዝ 970 ፒክስል ያስፈልጋል። ካሬው 1080 ስላለው ይበቃል፤ ግራና ቀኝ ወደ 55 ፒክስል ገደማ ትንፋሽ ይቀራል። ጠበብ ይላል እንጂ ማንም አይቆረጥም። በጽሑፍ ትእዛዝ በሚሠራው የቪዲዮ ፕሮግራም በኤፍኤፍኤምፔግ እንዲህ ይጻፋል፦

```
ffmpeg -i asa.mp4 -vf "crop=1080:1080:414:0" -c:a copy asa_1x1.mp4
```

መጀመሪያ ስፋት፣ ቀጥሎ ቁመት፣ ከዚያ ከግራ ስንት ፒክስል ተዘሎ እንደሚጀመር፣ መጨረሻ ላይ ከላይ።

ቁሙ ላይ ግን 970 ወደ 608 አይገባም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ መሀሉን ይቆርጥና ይገላገላል። ውጤቱን ገምቱት፦ የልጁ ግማሽ ትከሻ ግራ ጠርዝ ላይ ቀርቶ መሀል ላይ ባዶ ውሃ። ሌላው ሰው ደግሞ ፍሬሙን ከልጁ ወደ አሞራው ያንሸራትታል። ርቀቱ ከ600 ፒክስል በላይ ነው፣ ውርወራው ደግሞ ግማሽ ሰከንድ አይሞላም። ፍሬሙ ሮጦ ሲደርስ ዓይናችን ይጭበረበራል፤ አሞራውም የቀለበውን ውጦ ጨርሷል።

እዚህ የሚያዋጣው ቀረጻውን በጊዜ ለሁለት መቁረጥ ነው። ልጁን ይዘን እንቆያለን፤ እጁ ሲወረውር ወደ አሞራው እንዘላለን። አንድ ካሜራ የቀረጸው ሁለት ካሜራ የቀረጸው ይመስላል። ይህ የሚሆነው ግን ሁለቱ ቁራጮች የማይደራረቡ ከሆነ ነው። ልጁን ከ380 እስከ 988፣ አሞራውን ከ1000 እስከ 1608 ብንይዝ አይነካኩም። ቢደራረቡ ኖሮ ያው ጀርባ፣ ያው ጀልባ ትንሽ ሸርተት ብሎ ይታያል፤ ተመልካቹም ቪዲዮው የተንገጫገጨ ይመስለዋል።

ቁጥሮቹን ልብ በሉልኝ። ልጁን መሀል ላይ አላስቀመጥኩትም። ወደ ቀኝ ስለሚያይ በቀኙ 218፣ በግራው 90 ፒክስል ተውኩለት። አሞራው ወደ ግራ ስለሚያይ ሰፊው ቦታ በግራው ነው። እንዲህ ሲሆን ከቆረጥናቸውም በኋላ እርስ በርስ እየተያዩ ይቀጥላሉ።

```
ffmpeg -i asa.mp4 -vf "crop=608:1080:x='if(lt(t,7.2),380,1000)':y=0,scale=1080:1920,setsar=1" -c:a copy asa_9x16.mp4
```

7.2 መቁረጫው ሰከንድ ነው። ድምፁ አልተነካም። የውሃውና የገበያው ድምፅ ሳይቋረጥ ስለሚያልፍ ቁርጡ ጆሮ ላይ አይሰማም። ካፕከት ወይም ዳቪንቺ ሪዞልቭ የለመደ ሰው ታይምላይኑን 1080 በ1920 አድርጎ ክሊፑን 7.2 ላይ ይቆርጥና ሁለቱን ቁራጭ ለየብቻ ያንሸራትታል። ሐሳቡ አንድ ነው።

የሚንቀሳቀስ ሰው ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። ዓሣ ተሸክሞ ከጀልባው ወደ መንገዱ የሚሄድን ሰው በኪፍሬም፣ ማለትም ፍሬሙ በዚህ ሰከንድ እዚህ ይሁን ብለን በምናስቀምጠው ምልክት፣ መከተል ያስፈልጋል። እዚህ ጀማሪን የሚያሳስተው ኪፍሬም ማብዛት ነው። በየግማሽ ሰከንዱ ሰውየውን መሀል ላይ ላስቀምጥ ካላችሁ ፍሬሙ በየእርምጃው አብሮት ይነቀነቃል። ራሳቸው የሚከታተሉት የፕሮግራሞቹ መሣሪያዎችም አንዳንዴ እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ሌላ ሰው መሀል ሲገባም ዋናውን ትተው እሱን ይከተላሉ። ለአንድ የእግር ጉዞ ሁለት ኪፍሬም ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ አንዱ መነሻ፣ አንዱ መድረሻ፣ ሁለቱም ለስለስ ብለው እንዲነሱና እንዲያርፉ ተደርጎ። ሰውየው በፍሬሙ ውስጥ ትንሽ ወደፊት ወደኋላ ቢል ምንም አይደለም። ጎበዝ ካሜራማንም በእጁ ሲከተል እንደዚያው ነው።

የጥራቱ ጉዳይ መነሳት አለበት። 608 ፒክስል ወደ 1080 ሲለጠጥ ወደ 1.8 እጥፍ ያህል ነው፤ የዓሣው ቅርፊትና የአሞራው ላባ ደብዘዝ ይላል። ቀረጻው ፎርኬ ከሆነ፣ ማለትም 3840 በ2160፣ ቁሙ ቁራጭ 1215 ፒክስል ስፋት ይኖረዋልና መለጠጥ አያስፈልገውም። ስለዚህ ቁም እንደሚወጣለት አስቀድሞ የታወቀ ሥራ በፎርኬ ቢቀረጽ ይሻላል። ሲቀረጽ ደግሞ የስልኩ ግሪድ ይረዳል። ስክሪኑን በሦስት የሚከፍሉት ሁለት ቁም መስመሮች መሀላቸው በ1920 ስፋት ሲታሰብ 640 ፒክስል ነው፣ ከ608 ብዙም አይርቅም። በመሀለኛው ዓምድ ውስጥ ያለ ነገር ያለ ጭንቀት ይወጣል።

ጽሑፍም ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ለአንድ ምግብ ቤት የሠራሁት ቪዲዮ ላይ ስሙ ከታች በግራ ተጽፎ ነበር። ጽሑፉ ያለበትን ፋይል ቁም ሳደርገው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት ተቆረጡ፤ ሳላይ ላክሁት። ከዚያ ወዲህ ጽሑፍ የሌለበትን ኤክስፖርት ሁልጊዜ ለብቻው አስቀምጣለሁ፣ ስሙን ለየፍሬሙ እንደገና እጽፋለሁ። ቁሙ ላይ ከታችና ከቀኝ በኩል የቲክቶክ ምልክቶች ስለሚያርፉ ጽሑፉ ከፍ ማለት አለበት።

ጭራሽ የማይቆረጥም አለ። በፍቼ ጨምበላላ በዓል ጉዱማሌ አደባባይ ላይ ተያይዘው የሚጨፍሩትን ረጅም ሰልፍ አስቡ። ዋናው ነገር ሰልፉ ራሱ ነው፤ ከመሀሉ 608 ፒክስል ብትወስዱ የሚቀራችሁ አራት አምስት ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሙሉውን አግድም ምስል ወደ 1080 ስፋት አሳንሶ ማስቀመጥ ይሻለዋል። ቁመቱ 608 ይሆናል፣ ከላይና ከታች የሚቀረው 1312 ፒክስል ደግሞ በደበዘዘ ጀርባ ይሞላል። ሰዎቹ ያንሳሉ፣ እውነት ነው። ሰልፉ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል።